ገንዘቡ የሚፈለግበት ወር
(የመርካቶ አክሲዮን ማኅበር ሕንፃ ሲሠራ የወር በወር የገንዘብ ፕላን እንዴት እንደሚወጣ)

ለአንድ ሥራ ስንት ብር እንደሚበቃ ማስላት አንድ ነገር ነው፤ ያ ብር በየትኛው ወር በእጅ መገኘት እንዳለበት ማወቅ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውን ባጀቱ ይነግረናል። ስለ ሁለተኛው ግን ባጀቱ ዝም ይላል። በዚህ ዝምታ ምክንያት ድምሩ ሙሉ የሆነ ገንዘብ ያለው ማኅበር በመካከል ላይ ደመወዝና ሲሚንቶ የሚከፍልበት አጥቶ ሥራው ሊቆም ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህን የሚያስቀር አንድ ሰንጠረዥ ነው። ሰንጠረዡ በወር በወር የሚወጣውንና የሚገባውን ገንዘብ ጎን ለጎን ያሳያል።

ምሳሌያችንን ከአዲስ ከተማ፥ ከመርካቶ እንወስዳለን። ምክንያቱም በዚያ ሰፈር ጉዳዩ በግልጽ ይታያል። ባለፉት ዐሥርታት በአንድ ተራ የሚነግዱ ሰዎች በአክሲዮን ማኅበር እየተሰበሰቡ፥ የቆርቆሮ ሱቆቻቸውን አፍርሰው በቦታው ፎቅ የመሥራት ልማድ በመርካቶ ተስፋፍቷል። ይህን የሚያደርግ ነጋዴ ሱቁ ከፈረሰበት ቀን ጀምሮ ሌላ ቦታ ተከራይቶ ይነግዳል፤ ደንበኛውም ግማሹ ይበተንበታል። ስለዚህ ሥራው አንድ ወር ቆመ ማለት፥ እያንዳንዱ አባል የአንድ ወር ኪራይ በከንቱ ከፈለ ማለት ነው። ተቋራጩም በበኩሉ ሠራተኛውንና መሣሪያውን ወደ ሌላ ሥራ ያዛውራል፤ ለመመለስም ሌላ ጊዜና ሌላ ክርክር ይጠይቃል።

እንግዲህ 50 አባላት ያሉት አንድ ማኅበር እናስብ። ማኅበሩም ሆነ ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተፈጠሩ ናቸው፤ ውሎቹ ግን በአገራችን የተለመዱት ዓይነት ናቸው። የሕንፃው ዋጋ ቫትን ጨምሮ 100 ሚሊዮን ብር ይሁን። ከዚህ 60 ሚሊዮኑ የአባላት አክሲዮን ነው፤ ለአንድ አባል 1,200,000 ብር ይደርሰዋል። ቀሪው 40 ሚሊዮን የባንክ ብድር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና በ2013 ዓ.ም. በአዲስ የተተካው የንግድ ሕግ፥ አክሲዮን ማኅበር ከመቋቋሙ በፊት ከአክሲዮኑ ዋጋ ቢያንስ አንድ አራተኛው ተከፍሎ በባንክ እንዲቀመጥ ያዝ ነበር። በእኛም ምሳሌ አባላቱ አንድ አራተኛውን፥ ማለት 15 ሚሊዮን ብር ከፍለዋል። የቀረው 45 ሚሊዮን ማኅበሩ ሲጠይቅ የሚከፈል ነው። የጥያቄያችን እምብርት ይህ ነው፤ መቼ ይጠየቅ? ስንትስ ይጠየቅ?

በብዙ ስብሰባ ላይ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ሥራው 12 ወር ይፈጃል፤ 45 ሚሊዮኑን ለ12 እናካፍልና በየወሩ 3.75 ሚሊዮን እናዋጣ» ይባላል። መልሱ ፍትሐዊ ይመስላል፤ ለመሰብሰብም ይቀላል። ስሕተቱ የሕንፃ ወጪ በየወሩ እኩል እንደሚፈስ አድርጎ መቁጠሩ ነው።

ስሕተቱን ለማየት ሦስት ቀኖችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ሥራው የተሠራበት ቀን ነው። ሁለተኛው ተቋራጩ የሠራውን አስለክቶ አማካሪ መሐንዲሱ የክፍያ ሰርተፊኬት የሚፈርምበት ቀን ነው። ሦስተኛው ቼኩ ከማኅበሩ ሒሳብ የሚወጣበት ቀን ነው። የሒሳብ መዝገብ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አጥብቆ ይይዛል። የገንዘብ ፕላን ግን የሚጨነቀው ለሦስተኛው ብቻ ነው። በእኛ ውል የአንድ ወር ሥራ በወሩ መጨረሻ ይለካል፤ ገንዘቡም በሚቀጥለው ወር መጨረሻ ይከፈላል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ክፍያውን ከሥራው ያርቁታል። አንዱ ቀብዱ ነው። ተቋራጩ ዋስትና አቅርቦ ሥራ ሲጀምር ከዋጋው 20 በመቶ፥ ማለት 20 ሚሊዮን ብር አስቀድሞ ይወስዳል፤ ይህንም ከየሰርተፊኬቱ ላይ 20 በመቶ እየተቀነሰበት ይመልሳል። ሌላው መያዣው ነው። ጉድለት ቢገኝ ማሠሪያ እንዲሆን ከየሰርተፊኬቱ 5 በመቶ ይያዛል፤ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ቀን፥ ግማሹ ደግሞ ከአንድ ዓመት በኋላ ይለቀቃል። ስለዚህ ተቋራጩ የ4 ሚሊዮን ብር ሥራ ቢሠራ በሚቀጥለው ወር የሚከፈለው 75 በመቶው፥ 3 ሚሊዮን ብር ብቻ ነው።

አሁን የየወሩን ሥራ ማወቅ አለብን። ይህ በግምት የሚሞላ አይደለም። የሥራ ዝርዝሩን (ቁፋሮውን፥ የመሠረቱን ኮንክሪት፥ ዓምዱንና ወለሉን፥ የብሎኬቱን ግድግዳ፥ ልስኑን፥ የመብራትና የውሃ መሥመሩን) ከነዋጋው ይዞ፥ እያንዳንዱ በሥራ ፕሮግራሙ ላይ በየትኛው ወር እንደሚውል በመጻፍ ይገኛል። በአዲስ አበባ ደግሞ ዝናቡ በዚህ ውስጥ እጁን ያስገባል። መሠረት በክረምት ከተቆፈረ ጉድጓዱ ውሃ ይይዛል፤ አጎራባች ግድግዳም ይናዳል፤ በመርካቶ ሱቅ ከሱቅ ተጣብቆ ስለ ተሠራ ይህ ቀላል አደጋ አይደለም። ስለዚህ ማኅበራችን በኅዳር ይጀምራል፤ በሰኔም ጣራውን ለመክደን ይጣደፋል፤ በክረምቱ የውስጥ ሥራ እየሠራ ይቆያል። ውጤቱ ከዚህ የሚከተለው ነው፤ ቁጥሩ ሁሉ በሚሊዮን ብር ነው።

ኅዳር፦ የተሠራ 4፤ የሚከፈል 20 (ቀብዱ)፤ እስካሁን የተከፈለ 20
ታኅሣሥ፦ የተሠራ 8፤ የሚከፈል 3፤ እስካሁን 23
ጥር፦ የተሠራ 10፤ የሚከፈል 6፤ እስካሁን 29
የካቲት፦ የተሠራ 12፤ የሚከፈል 7.5፤ እስካሁን 36.5
መጋቢት፦ የተሠራ 12፤ የሚከፈል 9፤ እስካሁን 45.5
ሚያዝያ፦ የተሠራ 12፤ የሚከፈል 9፤ እስካሁን 54.5
ግንቦት፦ የተሠራ 12፤ የሚከፈል 9፤ እስካሁን 63.5
ሰኔ፦ የተሠራ 8፤ የሚከፈል 9፤ እስካሁን 72.5
ሐምሌ፦ የተሠራ 5፤ የሚከፈል 6፤ እስካሁን 78.5
ነሐሴና ጳጉሜን፦ የተሠራ 5፤ የሚከፈል 3.75፤ እስካሁን 82.25
መስከረም፦ የተሠራ 6፤ የሚከፈል 3.75፤ እስካሁን 86
ጥቅምት፦ የተሠራ 6፤ የሚከፈል 4.5፤ እስካሁን 90.5
ኅዳር፦ የሚከፈል 4.5፤ እስካሁን 95

የቀረው 5 ሚሊዮን መያዣው ነው። ጳጉሜንን ከነሐሴ ጋር ያጣመርኩት ሆን ብዬ ነው፤ ለአምስት ወይም ለስድስት ቀን የተለየ ሰርተፊኬት የሚጽፍ መሐንዲስ የለም። ስለ ቀን መቁጠሪያ ካነሣን አይቀር፥ የተቋራጩ ፕሮግራም በፈረንጅ ወር ተጽፎ ከመጣ ሳይመነዘር ወደዚህ ሰንጠረዥ መግባት የለበትም። በእነርሱ የሜይ መጨረሻ በእኛ ግንቦት 23 ነው። የሜይን ሥራ እንዳለ የግንቦት ሥራ ብሎ የጻፈ ሰው በእያንዳንዱ ወር ላይ የሳምንት ያህል መዛነፍ ይፈጥራል፤ ይህም የቼኩን ቀን ከአንድ ወር ወደ ሌላው ሊያሻግረው ይችላል።

ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን ዓምድ እንመልከት። በስምንት ወር ውስጥ 72.5 ሚሊዮን ብር ወጥቷል፤ በቀሩት አምስት ወሮች ግን 22.5 ብቻ ነው። ይህን ካየን በኋላ «ለ12 እናካፍል» ያሉትን ሰዎች ሐሳብ ከጎኑ እናስቀምጥ። በኅዳር በእጃቸው ያለው 15 እና 3.75፥ በድምሩ 18.75 ነው፤ ቀብዱ 20 ስለ ሆነ ገና ሥራው ሳይጀመር 1.25 ሚሊዮን ጎደለባቸው። ይህ ጥቂት ነው፤ ከአንድ ከዘመድ ተበድረው ይሞሉታል እንበል። በየካቲት አባላቱ ያዋጡት 30 ሲሆን የተከፈለው 36.5 መሆን አለበት፤ ጉድለቱ 6.5 ደረሰ። በመጋቢት 11.75 ይሆናል፤ በሚያዝያ 17 ሚሊዮን ይሆናል። በዚህ ጊዜ ዓምዱ ቆሟል፤ ወለሉም በከፊል ተሞልቷል፤ ዝናቡም ሁለት ወር ቀርቶታል። ልብ በሉ፤ የማኅበሩ ጠቅላላ ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ አንድ ብር እንኳ አልጎደለም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «ባንኩ የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው። ባንክ ለሕንፃ ሲያበድር ተበዳሪው በቅድሚያ የራሱን ድርሻ በሥራው ላይ እንዲያውል፥ ብድሩም የሥራውን ደረጃ በባለሙያ እያስመረመረ በየጊዜው እንዲለቀቅ ማድረግ የተለመደ ነው። በምሳሌያችን ባንኩ የመጀመሪያውን ብር የሚለቀው የአባላቱ 60 ሚሊዮን በሙሉ ሕንፃው ላይ ከዋለ በኋላ ነው እንበል። በየወሩ 3.75 የሚያዋጣ ማኅበር 60 ሚሊዮኑን የሚሞላው በጥቅምት ነው። ስለዚህ ብድሩ በሚያዝያ ሲፈለግ በር ተቆልፎበታል፤ ሲከፈት ደግሞ ዋናው ችግር አልፏል። በብድር ውል ላይ የተጻፈ ገንዘብ በፕላኑ ውስጥ የሚገባው ቅድመ ሁኔታው በተሟላበት ወር ላይ እንጂ ውሉ በተፈረመበት ወር ላይ አይደለም።

እንግዲህ ትክክለኛው ስሌት እንዲህ ይሆናል። አባላቱ በኅዳር 5፥ በታኅሣሥ 3፥ በጥር 6፥ በየካቲት 7.5፥ በመጋቢት 9፥ በሚያዝያ 9፥ በግንቦት 5.5 ያስፈልጋቸዋል፤ ድምሩ 45 ነው። ባንኩ በግንቦት በ3.5 ይጀምራል፤ በሰኔ 9 ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እስከ መያዣው ድረስ ይሸከማል፤ ድምሩ 40 ይመጣል።

ነገር ግን ሰንጠረዡ በዚህ አያበቃም፤ እስካሁን ያየነው የወጪውን ወር ብቻ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ገንዘብም የራሱ ወቅት አለው። ለገና፥ ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ከመድረሳቸው በፊት ባሉት ሳምንታት ገንዘቡ በሙሉ ዕቃ ሆኗል፤ በመጋዘንና በመደርደሪያ ላይ ነው። በዓሉ ካለፈ በኋላ ዕቃው ገንዘብ ሆኖ ይመለሳል። በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ደብተርና የተማሪ ልብስ የሚነግደው ሰው ከሁሉ ይበልጥ ይጨነቃል። ረመዳንና ዒድ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያሉ ስለሚመጡ፥ ያለፈውን ዓመት ፕላን ገልብጦ መጠቀም አይቻልም። በሐምሌ የግብር ወራት መጀመሩም አይዘነጋ።

ፋሲካ በሚያዝያ መጀመሪያ የሚውልበትን ዓመት እንውሰድ። በመጋቢት ወር 9 ሚሊዮን ከአባላት እንፈልጋለን ብንል፥ የጠየቅነው ዕቃ ገዝተው እጃቸው በተራቆተበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በየወሩ ከመጠየቅ ይልቅ በሦስት ጊዜ መጥራት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥሪ የመስቀል ገበያ ካለፈ በኋላ በጥቅምት ነው፤ የኅዳርንና የታኅሣሥን 8 ሚሊዮን ይሸፍናል፤ ለአንድ አባል 160,000 ብር ነው። ሁለተኛው ጥምቀት እንዳለፈ በጥር አጋማሽ ነው፤ የጥርን፥ የየካቲትንና የመጋቢትን 22.5 ሚሊዮን ይሸፍናል፤ ለአንድ አባል 450,000 ብር። ሦስተኛው ከፋሲካ በኋላ ነው፤ የሚያዝያንና የግንቦትን 14.5 ሚሊዮን ይሸፍናል፤ ለአንድ አባል 290,000 ብር። ቀድሞ ከተከፈለው 300,000 ጋር ስንደምረው 1,200,000 ይሆናል።

«ታዲያ ለምን በአንድ ጊዜ በጥቅምት ሁሉንም አንሰበስብም?» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ቢሰበሰብ በኅዳር መጨረሻ 40 ሚሊዮን ብር በማኅበሩ ሒሳብ ተኝቶ ይገኝ ነበር። ነጋዴው ያን 900,000 ብር በዕቃ ላይ ቢያገላብጠው ከባንክ ወለድ የበለጠ ያገኝበታል፤ ዋጋ በሚጨምርበት ዘመን ደግሞ የተኛ ገንዘብ ይሟሟል። በእኔ አስተያየት ያለ ጊዜው መሰብሰብ ከዘገየ መሰብሰብ ያነሰ ጥፋት ቢሆንም ጥፋትነቱ አይቀርም፤ የሚጎዳውም ድሃውን አባል ነው።

ከእቁብ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ላንሳ። ብዙ አባላት «እቁቤ ሲወጣልኝ እከፍላለሁ» ይላሉ። የእቁብ ገንዘብ እርግጥ ገንዘብ ነው፤ ነገር ግን ዕጣ ስለ ሆነ ወሩ አይታወቅም፤ ወሩ ያልታወቀ ገንዘብ ደግሞ በወር በተሠራ ሰንጠረዥ ላይ ቦታ የለውም። አባሉ ዕጣ ከሌላ ሰው ገዝቶ ቀኑን ካስቆረጠ ግን በዚያ ወር ይጻፍለታል።

አሁን የሰንጠረዡን ትልቁን ጥቅም እንይ። በሁለተኛው ጥሪ ላይ ከ50 አባላት 10ሩ አልከፈሉም እንበል። የጎደለው 4.5 ሚሊዮን ነው። ሰንጠረዥ የሌለው ኮሚቴ ወይ ይደነግጣል፥ ወይ «ይደርሳል» ብሎ ይተወዋል። ሰንጠረዥ ያለው ግን የገባው 18 ሚሊዮን የጥርን 6 እና የየካቲትን 7.5 እንደሚሸፍን፥ 4.5 እንደሚተርፍ፥ ጉድለቱ የሚታየው በመጋቢት መጨረሻ በ9 ሚሊዮኑ ቼክ ላይ እንደሆነ ያያል። ስለዚህ 10ሩን ሰዎች አንድ በአንድ ለማነጋገር ሁለት ወር አለው። ለማን ምን ዓይነት ቀን እንደሚሰጥም ያውቃል፤ የመጨረሻው ቀን መጋቢት ከማለቁ በፊት ነው።

የዚህ ፕላን ወሰን ምን ላይ ነው? ዋናው ወሰኑ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከላይ ባለው ስሌት አሳንሰሩ በተቋራጩ ዋጋ ውስጥ ስለ ሆነ በመስከረም ሲገጠም እንደ ማንኛውም ሥራ ተለክቶ ይከፈላል። ማኅበሩ ራሱ የሚገዛው ከሆነ ግን ወሩ ፈጽሞ ይለወጣል። የውጭ ምንዛሪ ተጠይቆ፥ ኤልሲ ተከፍቶ፥ ዕቃው ተሠርቶና ተጭኖ ጂቡቲ እስኪደርስ፥ ከዚያም ጉምሩክን እስኪያልፍ ብዙ ወራት ይሄዳሉ፤ ባንኩም ኤልሲ ሲከፈት ማስያዣ ይጠይቃል። በመስከረም የሚገጠም አሳንሰር ገንዘቡ የሚፈለገው ምናልባት በየካቲት ነው፤ ያውም ወጪው ወደ ጣራው በሚወጣበት ወቅት። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከሥራው ዝርዝር አውጥቶ በራሱ መሥመር፥ በኤልሲው ወር ላይ መጻፍ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ፥ ፕላኑ አንድ ጊዜ ተሠርቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል አይደለም። በየወሩ ሰርተፊኬቱ ሲመጣ የታሰበውንና የሆነውን አስተያይቶ፥ የቀሩትን ወራት እንደ ገና መጻፍ ያሻል። በየካቲት ብረት ዘግይቶ 12 መሠራት ሲገባው 8 ብቻ ተሠራ እንበል። በመጋቢት የሚከፈለው 9 ቀርቶ 6 ይሆናል፤ 3 ሚሊዮን በሒሳቡ ይተርፋል። ገንዘብ ያዡ ይህን አይቶ ደስ ሊለው ይችላል። ሆኖም ገንዘቡ ተላለፈ እንጂ አልቀረም። ተቋራጩ የቀረውን 4 ሚሊዮን በግንቦት እጨምራለሁ ካለ፥ የግንቦት ሥራ 16 ይሆናል፤ በሰኔ የሚከፈለውም ከ9 ወደ 12 ያድጋል። የአባላቱ ሦስተኛ ጥሪ በዚህ አይነካም፤ የተረፈው 3 ሚሊዮን ግንቦትን ስለሚያግዝ 14.5 ሚሊዮኑ ይበቃል። የሚለወጠው የባንኩ ድርሻ ነው፤ በግንቦት ከ3.5 ወደ 0.5 ይወርዳል፥ በሰኔ ከ9 ወደ 12 ይወጣል። ባንኩ ደግሞ መርማሪ ሳይልክ አይከፍልም። ስለዚህ የሰኔውን 12 ሚሊዮን የሚያስታውቀው ደብዳቤ ከግንቦት በፊት፥ በሚያዝያ ተጽፎ ለባንኩ መድረስ አለበት።